ላፕቶፑ ጥገና ከመግባቱ በፊት

የቻርጀር መሰኪያው ላልቷል፤ ገመዱን በጣት ካልደገፉት አይሞላም። ባለቤቷ ጥገና ቤት ስትወስደው ባለሙያው ስልኳን ይመዘግብና "ፓስዎርዱስ?" ይላታል። መሰኪያ ለመቀየር ፓስዎርድ አያስፈልግም፤ ያም ሆኖ አብዛኛው ሰው ሳያንገራግር ይነግራል።

የካናዳው ጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ እያንዳንዱን ንክኪ በስውር የሚመዘግቡ ላፕቶፖችን ለ16 ጥገና ቤቶች ሰጥተው ነበር። በ6ቱ ውስጥ ባለሙያዎቹ የደንበኛውን የግል ፋይል ከፍተው አይተዋል፤ በ2ቱ ደግሞ ገልብጠው ወስደዋል።

ፓስዎርዱን መከልከል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የዊንዶውስ መግቢያ ቃል በሩን እንጂ ዲስኩን አይቆልፍም፤ ዲስኩ ያልተመሰጠረ ከሆነ ፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘው ሰው ፋይሎቹን እንዳሉ ያገኛቸዋል። ዲስኩን በሙሉ የሚመሰጥረው ቢትሎከርም ቢሆን ባለሙያው በባለቤቷ ቃል ከገባ በኋላ ምንም አይደብቅለትም። ስለዚህ ሚስጥራዊው ፎልደር ከመግቢያው የተለየ የራሱ ቁልፍ ሊኖረው ይገባል።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው በነፃ የሚገኘው ቬራክሪፕት ነው። ፕሮግራሙ እንደ ማንኛውም ፋይል የሚቀመጥ፣ ሲከፈት ግን እንደ ተጨማሪ ዲስክ የሚታይ የተመሰጠረ ሣጥን ይሠራል። የሒሳብ ባለሙያ የሆነች አንዲት ሴት 3.2 ጊጋባይት የሚሆን ፎልደር አላት እንበል፤ የፓስፖርት ኮፒ፣ የቤት ውል፣ የሐኪም ውጤትና የደንበኞች ደብተር በውስጡ አለ። Create Volume ብላ የመጀመሪያውን ምርጫ፣ የፋይል ሣጥኑን፣ ትወስዳለች። ስሙን `private.hc`፣ መጠኑን 5 ጊጋባይት ታደርጋለች፤ መጠኑ ኋላ በቀላሉ ስለማይሰፋ ትርፍ መተው ይሻላል። የምስጠራው ዘዴ በቀረበው ኤኢኤስ ይቀጥላል። ከ20 ፊደል ያነሰ የይለፍ ቃል ከሰጠች ፕሮግራሙ ያስጠነቅቃታል፤ የማይገናኙ አራት አምስት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ቢጻፉ በቂ ርዝመት ይሰጣሉ። ይህን ቃል የረሳ ሰው "ረስቻለሁ" ብሎ የሚጫነው ቁልፍ የለም፤ ሰነዱ በዚያው ይቀራል።

ሣጥኑ ከተሠራ በኋላ ከዝርዝሩ P: የሚለውን ፊደል ትይዛለች፣ Select File ብላ ሣጥኑን ትመርጣለች፣ Mount ትላለች፣ ቃሉን ትጽፋለች። P: የሚባል ዲስክ ብቅ ይላል፤ ፎልደሩን እዚያ ትገለብጣለች። ከዚያ ዘግታ እንደገና ትከፍተውና ሁለት ሦስት ሰነድ በትክክል መነበቡን ታያለች። ይህን ሳያረጋግጡ ዋናውን ማጥፋት ጥፋት ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። ወደ ሣጥኑ የገባው ቅጂ ነው፤ ዋናው ፎልደር በቦታው አለ። ቢጠፋና ሪሳይክል ቢን ቢጸዳም በአሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ስለሚቆይ፣ ተራ የፋይል መመለሻ ፕሮግራም ያወጣዋል። ዊንዶውስ ለዚህ የራሱ ትእዛዝ አለው፦

```
cipher /w:C:\
```

ይህ ያሉትን ፋይሎች ሳይነካ ባዶውን ቦታ ሦስት ጊዜ ይጽፍበታል። ትልቅ ዲስክ ላይ ሰዓታት ስለሚወስድ ማታ አስጀምሮ ማደር ይሻላል። በኤስኤስዲ ላይ ግን ብዙም አይጠቅምም፤ እዚያ ዊንዶውስ የጠፋው ቦታ እንዲጸዳ ራሱ ለዲስኩ ስለሚነግር፣ የጠፋ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ በተራ ፕሮግራም አይመለስም።

የተረሱ ቅጂዎችም አሉ። በዴስክቶፕ ቴሌግራም ያወረደችው ሰነድ፣ ቦታውን ካልቀየረች፣ Downloads ውስጥ ባለው Telegram Desktop ፎልደር ተቀምጦ ይጠብቃል። ቴሌግራሙ ራሱም ሆነ ኢሜይሉ ክፍት ከሆኑ ደግሞ የሣጥኑ መቆለፍ ትርጉም ያጣል፤ ከሁለቱም መውጣት ግድ ነው።

ምስጠራ ከዓይን እንጂ ከፎርማት አያድንም። ባለሙያው ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጭን `private.hc` አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ዋናው ከመሰረዙ በፊት አንድ ቅጂ በፍላሽ ቤት መቅረት አለበት። ፍላሹ 16 ጊጋባይት ሆኖ ሳለ 5 ጊጋባይቱን ፋይል "ትልቅ ነው" ብሎ ቢመልስ ችግሩ የቦታ ማነስ አይደለም፤ FAT32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹን በ exFAT ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህ በላዩ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ግን አይዘንጋ።

ላፕቶፑ ከመሰጠቱ በፊት ሣጥኑ በ Dismount ይዘጋል፤ በአዳዲሶቹ ቅጂዎች ቁልፉ Unmount ይላል። ላፕቶፑም ተኝቶ ሳይሆን ፈጽሞ ጠፍቶ ይሂድ። ጭራሹን የማይነሳ ላፕቶፕ ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ያኔ ዲስኩ ፊት ለፊት እንዲፈታ ጠይቆ ይዞ መሄድ ነው። መሰኪያውን ያለ ዲስኩ መቀየር ይቻላል።