ኢንሹራንሱ ዝም ሲል ለአለቃው የሚጻፍ ደብዳቤ

የኢንሹራንስ ክሌም አስገብታችሁ ወራት ሙሉ መልስ ካጣችሁ፣ ለዚያው ሰውዬ ስልክ ላይ መልእክት መተው ይብቃችሁና ለበላዩ ጻፉ። እኔ አላሜዳ ባለችው ምግብ ቤቴ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ፌብሩዋሪ 3 ቀን ጣሪያው ውስጥ ያለ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ትልቁን ፍሪጅ አበላሸው። ሥጋውም ቅቤውም ተጣለ። በዕለቱ ደውዬ የክሌም ቁጥር ተሰጠኝ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን ጉዳት መርማሪው መጥቶ ፎቶ አነሳ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን የጥገናውን ደረሰኝና የተጣለውን ዕቃ ዝርዝር በኢሜይል ላክሁ። ከዚያ በኋላ ጸጥ! ማርች 6፣ ማርች 24፣ ኤፕሪል 15 እና ሜይ 12 ጻፍኩ፤ የመለሰልኝ የለም።

የካሊፎርኒያ ደንብ ግን ዝም በል አይለውም። ደንበኛው መልስ የሚሻ ነገር ሲጽፍለት ኢንሹራንሱ በ15 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ማስረጃው ከደረሰው በኋላ በ40 ቀን ውስጥ እቀበላለሁ ወይም አልቀበልም ማለት አለበት፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። ጊዜ ካነሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳውቃል፣ ከዚያም በየ30 ቀኑ ይጽፋል። የኔ 40 ቀን ኤፕሪል 1 ላይ አልቋል። ለእኔ ደግሞ አንድም ወረቀት አልመጣም።

ጁን 2 ቀን ለክሌም ክፍሉ ኃላፊ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ስሙን ያገኘሁት ዋናው ስልክ ላይ ደውዬ «የመርማሪው አለቃ ማነው?» ብዬ ነው። እንግሊዝኛውን ያስተካከለችልኝ ልጄ ናት። እኔ «እንደ ሰው አልቆጠራችሁንም» የሚል ነገር ልከት ፈልጌ ነበር። እሷ ግን «እማዬ፣ ይሄ ቀን የለውም» ብላ ሰረዘችው። እውነቷን ነው፤ ኃላፊው ፋይሉን አያውቀውም፣ የሚያየው ቀኖቹን ነው።

ከላይ የክሌም ቁጥሩ፣ ቀጥሎ እነዚያ ቀኖች በተራ፣ ከየቀኑ ጎን ለማን እንደጻፍኩ። ከዚያ የምፈልገው፦ ለፍሪጁ 6,800 ዶላር፣ ለምግቡ 2,150፣ ከዚያ ላይ በውሉ መሠረት እኔ የምሸፍነው 1,000 ተቀንሶ 7,950 ዶላር እንዲከፈለኝ፤ ካልሆነም የማይከፈልበት ምክንያት ከውሉ አንቀጽ ጋር በጽሑፍ እንዲሰጠኝ። «በአስቸኳይ» ብቻ ብትሉ ማንም አይቸኩልም። እኔ «እስከ ጁን 17» አልኩ። ካለፈም ለካሊፎርኒያ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት እንደማመለክት ጨመርኩ። እዚያ አቤቱታ ማቅረብ በነጻ ነው፤ ስልካቸው 1-800-927-4357 ነው። ኩባንያውን መልስ እንዲሰጥ ይጠይቁታል፣ በገንዘቡ መጠን ላይ ያለ ክርክርን ግን እንደ ዳኛ አይፈርዱም።

ደብዳቤውን ተቀባዩ በሚፈርምበት በአደራ ፖስታ ላክሁት፣ ቅጂውን በኢሜይል።

በዘጠነኛው ቀን ተደወለልኝ። መርማሪው ሥራ ለቆ ኖሮ ፋይሉ ባለቤት አልነበረውም! 7,400 ዶላር ከፈሉ። ፍሪጁ አርጅቷል ብለው 550 ቀንሰዋል፤ በየትኛው አንቀጽ እንደቀነሱ በጽሑፍ ጠይቄ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።