የአንድ አጥቂ ዋጋ ከዕድሜው፣ ከጎሉና ከቀሪ ውሉ ሲሰላ

በ2022 ክረምት (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ሌዋንዶቭስኪ ከባየርን ሙኒክ ወደ ባርሴሎና ሲሄድ የዝውውር ዋጋው 45 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። በዓመቱ ባየርን ራሱ ሃሪ ኬንን ከቶተንሃም ለመውሰድ 100 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ አወጣ። ሁለቱም የመሃል አጥቂዎች ናቸው። ሁለቱም ከክለባቸው ጋር የቀራቸው ውል አንድ ዓመት ነበር። በጎልማ የሚበልጠው ርካሹ ነው፤ ሌዋንዶቭስኪ በመጨረሻው የቡንደስሊጋ የውድድር ዘመኑ 35፣ ኬን በመጨረሻው የፕሪሚየር ሊግ ዘመኑ 30 ጎል አስቆጥረዋል። የሚለያቸው ዕድሜ ነው። ሌዋንዶቭስኪ 34 ዓመት ሊሞላው የቀረው አንድ ወር ያህል ሲሆን፣ ኬን 30 ከሞላው ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር።

የተጫዋች ዋጋ የሚገመተው እንዲህ ዓይነት ጥንዶችን እየፈለጉ ነው። በሌላው ሁሉ ተቀራርበው በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ዝውውሮች ሲገኙ፣ ያ አንድ ነገር ስንት እንደሚያወጣ ይታያል። ብዙ ዝውውር የሚመዘግቡ ተንታኞች ይህንኑ ሥራ በኮምፒውተር ይሠሩታል፤ አካሄዱን ለመረዳት ግን ጥቂት አጥቂዎች ይበቃሉ።

ከቀሪ ውል እንጀምር፤ ዋጋ የሚባለው ነገር የሚኖረው በእሱ ምክንያት ነውና። ከ1995ቱ የቦስማን ፍርድ ወዲህ አውሮፓ ውስጥ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ለቀድሞ ክለቡ ሰባራ ሳንቲም ሳያስከፍል ይሄዳል። ስለዚህ ገዢው ክለብ የሚከፍለው ውሉ ከማለቁ በፊት ተጫዋቹን ለማግኘት ነው። አንድ ዓመት ሲቀር ሻጩ የሚያመዛዝነው ሁለት ነገር ነው፦ ዛሬ ሸጦ ገንዘቡን መቀበል፣ ወይም አንድ ዓመት አጫውቶት በባዶ መሸኘት። የሚቀበለው ዝቅተኛ ዋጋ፣ ያ አንድ ዓመት ከደመወዙ በላይ ለክለቡ የሚያስገኘው ጥቅም ነው። ገዢውም በበኩሉ ዓመት ጠብቆ በነፃ ሊወስደው ይችላል፤ ነገር ግን ዓመቱን ያለ አጥቂ ያሳልፋል፣ ተጫዋቹ ነፃ ሲሆን ደግሞ የሚሻሙት ክለቦች ይበዛሉ። ስምምነቱ የሚያርፈው በእነዚህ ሁለት ስሌቶች መካከል ነው።

የኬን ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ2021 ማንቸስተር ሲቲ ሲፈልገው ሦስት ዓመት ውል ነበረው። እስከ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል የተባለ ሐሳብ ቢቀርብም ቶተንሃም እምቢ አለ፤ እምቢ ለማለትም አቅም ነበረው፣ ምክንያቱም በቀጣዩ ክረምትም፣ ከዚያ በኋላም ሊሸጠው ይችል ነበር። በ2023 ግን የቀረው የመጨረሻው የመሸጫ ክረምት ነበር። ተጫዋቹ እንደ ወትሮው ጎል እያገባም ቢሆን ክለቡ የመጠበቅ አቅሙን አጥቶ ነበር።

አሁን ወደ ዕድሜ። በኬንና በሌዋንዶቭስኪ መካከል አራት ዓመት ያህል አለ፣ ዋጋው ደግሞ ከ100 ወደ 45 ወርዷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅናሹን በመቀነስ ሲያሰላው ነው፤ «በዓመት 14 ሚሊዮን ገደማ ይቀንሳል» ብሎ። ይህ ስሌት የ10 ሚሊዮን ዩሮ ተጫዋች ላይ ሲያርፍ ዋጋው ከዜሮ በታች ይገባል። ስለዚህ ቅናሹ በመቶኛ ይታሰባል። በየዓመቱ 18 በመቶ ቢወርድ 100 የነበረው 82 ይሆናል፣ ከዚያ 67፣ ከዚያ 55፣ በአራተኛው ዓመት 45። ባርሴሎና በዕዳ የተያዘ ክለብ መሆኑ ዋጋውን የራሱን ያህል ሳይጫነው አልቀረም፤ 18 በመቶው ከሁለት ዝውውር የወጣ ቁጥር ስለሆነ ለጊዜው እንያዘው እንጂ አንመነው።

የሚፈተነውም ቁጥሩን ባልወለደው ዝውውር ላይ ነው። አሌክሳንደር ኢሳክን እንውሰድ፤ ስዊድን ውስጥ ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደው አጥቂ ማለት ነው። መስከረም 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ከኒውካስል ወደ ሊቨርፑል በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ተዛወረ፤ በዩሮ ከ140 ሚሊዮን በላይ ነው። 26 ሊሞላው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፣ ከዚያ በፊት በነበረው የሊግ ዘመን 23 ጎል አስቆጥሯል፣ ውሉም ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር። ከኬን በአራት ዓመት ያንሳል። የ18 በመቶው ሕግ ወደ ኋላም የሚሠራ ቢሆን ኖሮ 100 ለ0.45 ሲካፈል 222 ሚሊዮን ይመጣል። ጎሉ ከኬን 30 ስለሚያንስ በዚያው መጠን ብናወርደው 170 ይሆናል። ውሉ ሦስት ዓመት ስለሆነ ደግሞ ዋጋው ከዚያም ከፍ ማለት ነበረበት። እውነተኛው ዋጋ ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ስህተቱ የሚያመለክተው ቦታ አለ። የዕድሜ ቅናሽ ከዓመት ዓመት እኩል አይደለም፤ ከ30 በኋላ ቁልቁለቱ ይበረታል፣ ከ22 እስከ 27 ባለው ግን ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ለዚህም ምክንያት አለው። ባየርን ለኬን የአራት ዓመት ውል ሰጠ፣ ስለዚህ 100 ሚሊዮኑ ለአራት ሲካፈል በዓመት 25 ሚሊዮን ነው። ሊቨርፑል ለኢሳክ የስድስት ዓመት ውል ሰጠ፤ 140 ሚሊዮኑ ለስድስት ሲካፈል በዓመት 23 ሚሊዮን ይሆናል። ሁለቱ ክለቦች ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚያወጡት ተቀራራቢ ሆኖ፣ ልዩነቱን የሚፈጥረው የዓመቱ ብዛት ነው። የ23 ዓመትም ሆነ የ26 ዓመት ልጅ ስድስት ዓመት መጫወት ስለሚችል በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። የ33 ዓመቱ ግን እያንዳንዱ ዓመት ከቀረው ጊዜ ትልቅ ድርሻ ይወስድበታል።

ጎል መቁጠርም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፍጹም ቅጣት ምት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጎል ስለሚሆን፣ የክለቡ መቺ የሆነ አጥቂ ቁጥሩ ያለ ችሎታው ከፍ ይላል። ስለዚህ ፍጹም ቅጣት ምቶቹን አውጥቶ፣ የቀረውን በተጫወተበት ደቂቃ ማካፈል ያስፈልጋል። እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ግን አንድ ዘመን ሳይሆን ሦስት ዘመን ነው። በአንድ ዓመት ብቻ የፈነዳ አጥቂ በቀጣዩ ዓመት ወደ ቀድሞ ልኩ የመመለሱ ነገር የተለመደ ነው፤ ኬን 100 ሚሊዮን ያወጣው ለብዙ ዘመናት ሳያቋርጥ ጎል ስላስቆጠረም ጭምር ነው።

ከስሌቱ መውጣት ያለባቸው ዝውውሮችም አሉ። ኤርሊንግ ሃላንድ በ2022 ከዶርትሙንድ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሲሄድ 21 ዓመቱ ነበር፣ በቡንደስሊጋ 22 ጎል አስቆጥሯል፣ ሁለት ዓመት ውልም ነበረው። የተከፈለው ግን 60 ሚሊዮን ዩሮ ነው፤ ከዓመታት በፊት በውሉ ላይ የተጻፈው የማፍረሻ ዋጋ ያ ነበርና። ይህን ዝውውር ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሎ ያሰላ ሰው፣ ወጣት አጥቂ ርካሽ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ይደርሳል። በጋዜጣ የሚወጣ ዋጋም እንዲሁ ይጣራል፤ አንዱ ዘገባ በእጅ የተከፈለውን ብቻ፣ ሌላው ወደፊት በጎልና በዋንጫ ሊጨመር የሚችለውንም ደምሮ ይጽፋል።

እነዚህ ሁሉ ተስተካክለውም የሚወጣው አንድ ቁጥር አይደለም፣ ክልል ነው። ኢሳክ ላይ የሊቨርፑል የመጀመሪያ ሐሳብ 110 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፣ ኒውካስል አልተቀበለም፣ ተጫዋቹ ደግሞ ካልሄድኩ አልጫወትም አለ። በ110ና በ125 መካከል ያለውን 15 ሚሊዮን ዕድሜም ጎልም ውልም አይነግሩንም። እሱን የወሰነው መስኮቱ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት ማን የበለጠ እንደቸኮለ ነው።