ቀብድ ነው ወይስ ቅድሚያ ክፍያ?

ስሙኝማ! ከእንግሊዝኛ ኢሜይል ውስጥ «እንደምን ሰነበቱ» የሚለውን እንዴትም አድርገን ብንተረጉመው ማንም ማንንም አይከስም። መሃል ላይ ግን ገንዘብ፣ ቀንና ግዴታ ያለባቸው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ቁጭ ይላሉ። እነሱ የውል ቃል ናቸው። አተረጓጎማቸው ከቀረው ኢሜይል የተለየ መሆኑ ሰሞኑን ነው የገባኝ፤ ለእናንተም ካልነገርኩ አላርፍም።

አንድ ባለ ዳቦ ቤት ከዱባይ የመጋገሪያ ምድጃ ሊገዛ ነው እንበል። የሻጩ ኢሜይል በእንግሊዝኛ መጣ፤ አዲስ አበባ ላለው ባለ ዳቦ ቤት ደግሞ እኛ ልንተረጉምለት ነው። ከሰላምታው በታች ሦስት ነገር ተጽፏል። አንደኛ፣ ገዢው 6,000 ዶላር «ዲፖዚት» እስከ 10/09/2025 ከ5:00 ፒ.ኤም. በፊት መክፈል አለበት። ሁለተኛ፣ ሻጩ ዲፖዚቱ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ምድጃውን መርከብ ላይ «ሻል» ብሎ ይጭናል። ሦስተኛ፣ ገዢው ውሉን ከሰረዘ ሻጩ ዲፖዚቱን «ሜይ» ብሎ ያስቀራል። አለቀ። ቀላል ይመስላል አይደል?

ከዲፖዚት እንጀምር። አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን ቃል «ቀብድ» ነው። ቤት ስንከራይ ቀብድ፣ በግ ስንገዛ ቀብድ። ነገር ግን ቀብድ በሕጋችን የራሱ ትርጉም ያለው ቃል ነው! የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 ጀምሮ ክፈቱት። ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል ይላል። ቀጥሎ ቁጥር 1885 ላይ ስትደርሱ ነው ጉዱ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ትቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለው ወገን ደግሞ እጥፍ አድርጎ መልሶ ማፍረስ ይችላል።

በምድጃችን እናስላው። ቀብድ ብለን ከጻፍን ባለ ዳቦ ቤቱ የሚረዳው እንዲህ ነው፦ «ሐሳቤን ብቀይር 6,000 ዶላር ነው የምከስረው፤ ሻጩ ቢያፈገፍግ ግን 12,000 ይመልስልኛል።» የሻጩ ኢሜይል ስለ 12,000 ዶላር ምን አለ? ምንም! ሻጩ ያላሰበውን ቃል ኪዳን በአንድ ቃል በእሱ ስም ሰጠን ማለት ነው። በእርግጥ ይህ ድንጋጌ የሚሠራው ውሉ በኢትዮጵያ ሕግ ሲገዛ ነው። ሆኖም አንባቢው ኢሜይሉን የሚያነበው በሚያውቀው አገር ልማድ ነውና ውሳኔውም በዚያው ይሄዳል። ስለዚህ «ቅድሚያ ክፍያ» ብለን እንጻፍ፤ ከዋጋው ላይ የሚታሰብ መሆኑንም ሻጩን እንጠይቅ። አንዴ ቅድሚያ ክፍያ ካልን ደግሞ እስከ መጨረሻው ቅድሚያ ክፍያ ነው። ለቋንቋው ውበት ብለን ታች ላይ «መያዣ» ካልነው ሰውየው ሁለት ክፍያ ያለ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ግሶቹ እንምጣ፤ እኔን ያስደነቀኝ እዚህ ነው። «ሻጩ ምድጃውን ይጭናል» ብንል ልክ ይመስላል። ግን «ነገ ይመጣል» ስንልም በዚሁ ቅርጽ ነው የምንናገረው፤ ያ ወሬ ነው፣ ግምት ነው። «ሻል» ደግሞ በውል ውስጥ ግዴታ ነው። ስለዚህ «የመጫን ግዴታ አለበት» እንበል። «ሜይ» ላይ ይብሳል። «ሻጩ ቅድሚያ ክፍያውን ሊያስቀር ይችላል» የሚለውን አንብቡት። አሁን «ዛሬ ሊዘንብ ይችላል» የሚለውን አንብቡት። አያችሁ? አማርኛችን «ይችላል»ን ለመብትም ለ«ምናልባት»ም ይጠቀምበታል! ባለ ዳቦ ቤቱ «ምናልባት ያስቀር ይሆናል፤ ብለምነው ይመልስልኛል» ብሎ ሊያነበው ነው። «የማስቀረት መብት አለው» ስንል ግን ጥርጣሬው በአንድ ጊዜ ጠፋ።

30 ቀኑንም አንርሳ። «በ30 ቀን ውስጥ ይደርሳል» ብሎ መጻፍ በጣም ቀላል ነው፤ ኢሜይሉ ግን የሚያወራው ስለ መጫን ነው። መርከቡ ጅቡቲ እስኪደርስ፣ ከዚያ በጉምሩክ አልፎ አዲስ አበባ እስኪገባ ያለው ጊዜ ከ30 ቀኑ ውጭ ነው። ቆጠራው የሚጀምረውም ገዢው ባንክ ሄዶ ከላከበት ቀን ሳይሆን ገንዘቡ ሻጩ ዘንድ ከደረሰበት ቀን ነው።

ቀኑስ? 10/09/2025 ቀን ቀድሞ ከተጻፈ መስከረም ሳይገባ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። አሜሪካኖች እንደሚጽፉት ወር ቀድሞ ከሆነ ግን መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። ያንኑ ቁጥር አንዱ በአሮጌው ዓመት፣ ሌላው በአዲሱ ዓመት ሊያነበው ነው! 5:00 ፒ.ኤም. ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ቆይ፣ በማን ከተማ? የዱባይ ሰዓት ከእኛ አንድ ሰዓት ይቀድማል፤ የዱባይ 11 ሰዓት ሲሞላ እዚህ 10 ሰዓት ነው። በመጨረሻው ደቂቃ ባንክ የሚሮጥ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። ስለዚህ ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር፣ የወሩን ስም በፊደልና የየትኛው ከተማ ሰዓት እንደሆነ መጻፍ ነው።

ስንጨርስ ማረጋገጫው ምንድን ነው? ትርጉማችንን ዋናውን ላላየ ሰው ሰጥተን ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልስልን ማድረግ። በአንድ ቁና ሰፍረን ያበደርነው ጤፍ ሲመለስ በዚያው ቁና እንደምንሰፍረው ማለት ነው፤ ጎድሎ ወይም ተርፎ ከሆነ ወዲያው ይታያል። የተመለሰው እንግሊዝኛ «ሜይ» የነበረውን «ምናልባት» ካደረገው፣ «መጫን» የነበረውን «ማድረስ» ካለው፣ ወደዚያ ዓረፍተ ነገር ተመልሰን እናስተካክላለን። ቃል በቃል መግጠም የለበትም፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ ባያደርግስ ምን ይከተላል የሚሉት አራቱ ከገጠሙ ይበቃል።

ይህ ዘዴ የማይፈታው አንድ ነገር አለ። ዋናው ኢሜይል ራሱ ሁለት ፍች ካለው፣ ለምሳሌ ቀኑ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ፣ የተመለሰው ትርጉም ያንኑ ብዥታ ይዞ ይመጣል። ያኔ የመሰለንን መርጠን መጻፍ የለብንም። ለሻጩ አንድ መስመር እንላክ፦ «ቀኑ ሴፕቴምበር 10 ነው ወይስ ኦክቶበር 9?» ከትርጉሙ በታችም «ይህ ለመረዳት የተዘጋጀ ነው፤ ልዩነት ቢኖር የሚጸናው የእንግሊዝኛው ነው» የሚል መስመር እንጨምር፤ ተዋዋዮቹ በዚያ ከተስማሙ ማለት ነው። የውል ቃል ሲያሻማ የሚወስኑት የሚከፍለውና የሚልከው ሰው ናቸው፤ ተርጓሚው ሊወስንላቸው አይገባም።