ብድሩ 18፣ ትርፉ 20፤ ታዲያ ሥራው ለምን ይቀራል?

አንድ የዘይት ፋብሪካ አለ እንበል። ሥራ አስኪያጁ ቦርዱ ፊት ቀርቦ፣ በመከር ወቅት በ10 ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ኑግ ገዝተን ዓመቱን ሙሉ ብንጨምቅ፣ ግብሩ ተነሥቶለት 12 ሚሊዮን ብር ይመለስልናል ይላል። ትርፉ 20 በመቶ ነው። ባንኩ የሚያበድረው በ18 በመቶ ስለሆነ ሁለቱ በመቶ የእኛ ነው ብሎ ይደመድማል። ሰሚው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ ባለአክሲዮኖቹን ይጎዳል።

ፋብሪካው የሚንቀሳቀስበት ገንዘብ ከሁለት ወገን የመጣ ነው። 40 ሚሊዮኑ የባንክ ብድር ነው፤ 60 ሚሊዮኑ ደግሞ የባለአክሲዮኖች ሀብት ነው። ሁለቱም ዋጋ አላቸው። የብድሩ ዋጋ ወለዱ ቢሆንም፣ ወለድ እንደ ወጪ ተይዞ ግብር ከሚከፈልበት ትርፍ ላይ ይቀነሳል። የንግድ ትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ስለሆነ፣ ከ18 በመቶው ውስጥ 5.4ቱ በግብር ቅናሽ ይመለሳል፤ ፋብሪካውን በእርግጥ የሚያስወጣው 12.6 በመቶ ብቻ ነው። ድርጅቱ ከከሰረ ግን የሚቀነስለት ግብር ስለሌለ 18ቱን ሙሉ ይሸከማል።

የባለአክሲዮኑ ገንዘብ ደረሰኝ ስለማይቆረጥለት ብዙዎች በነፃ የተገኘ ይመስላቸዋል። ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ባለአክሲዮኑ ድርሻውን የሚያገኘው ሠራተኛው፣ ባንኩና መንግሥት ከወሰዱ በኋላ ነው፤ ካልተረፈ ምንም አያገኝም። ስለዚህ በዋስትና ካበደረው ባንክ የበለጠ ካልተከፈለው ገንዘቡን እዚህ የሚያስቀምጥበት ምክንያት የለም። ምን ያህል ይበልጥ? አክሲዮን ለረጅም ዘመን በገበያ በተሸጠባቸው አገሮች ከዋጋው መዋዠቅ ተነሥተው ይገምቱታል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ነውና እኛ ዘንድ ለዚህ የሚበቃ የዋጋ ታሪክ ገና አልተጠራቀመም። ያለው አማራጭ በብድር ወለዱ ላይ የሥራውን ሥጋት ያህል መጨመር ነው። በዚህ ፋብሪካ 10 በመቶ ጨምረን 28 በመቶ እንበለው። ግምት መሆኑ አይካድም፤ ዜሮ ብሎ ከማለፍ ግን እጅግ ይሻላል።

አሁን ሁለቱን እንደየድርሻቸው መመዘን ነው። የ28 በመቶው 60 እጅ 16.8 ይሆናል፤ የ12.6 በመቶው 40 እጅ 5.04 ነው። ድምሩ 21.84 በመቶ ይመጣል። የተመዘነ አማካይ የካፒታል ወጪ የሚባለው ይህ ነው፤ የፋብሪካው ማንኛውም አዲስ ሥራም ይህን ማለፍ አለበት።

ለምን ማለፍ እንዳለበት በኑጉ ላይ እንየው። ከ10 ሚሊዮኑ 4ቱ ከባንክ፣ 6ቱ ከባለአክሲዮኖች ይመጣል። በዓመቱ መጨረሻ ከተገኘው 2 ሚሊዮን ብር ትርፍ ላይ ባንኩ፣ የግብር ቅናሹ ታስቦ፣ 504 ሺህ ብር ይወስዳል። ለባለአክሲዮኖች 1 ሚሊዮን 496 ሺህ ብር ይቀራል። እነርሱ ግን በ6 ሚሊዮናቸው ላይ 28 በመቶ፣ ማለትም 1 ሚሊዮን 680 ሺህ ብር ማግኘት ነበረባቸው። 184 ሺህ ብር ጎደለ። በ20 እና በ21.84 መካከል ያለው ልዩነት በ10 ሚሊዮን ብር ሲሰላም ይኸው 184 ሺህ ብር ነው። ከማለፊያው የበለጠ ሥራ ለባንኩ የሚገባውን ከፍሎ ለባለአክሲዮኑ ትርፍ ይጨምራል፤ ያነሰው ግን ጉድለቱን ባለአክሲዮኑ ላይ ይጥላል።

ሥራ አስኪያጁ፣ «እንግዲያውስ ኑጉን ሙሉ በሙሉ በብድር እንግዛው» ሊል ይችላል። ባንኩ ግን የሚያበድረው ከሥሩ ያለውን የባለአክሲዮኖች ሀብት አይቶ ነው። ዛሬ በብድር ብቻ 14 በመቶ የሚያተርፍ ሥራ ከተጀመረ የመበደር አቅሙ ያልቃል። በሚቀጥለው ዓመት 26 በመቶ የሚያተርፍ ሥራ ሲመጣ፣ የቀረው ገንዘብ 28 በመቶ የሚጠየቅበት የባለአክሲዮኑ ብቻ ነውና ውድቅ ይሆናል። ደካማው ሥራ ገብቶ ጠንካራው ይቀራል። እያንዳንዱ ሥራ በገንዘቡ ምንጭ ሳይሆን በአማካዩ የሚመዘነው ለዚህ ነው።

ድርሻው ሲመዘን ደግሞ የአክሲዮኑ የዛሬ ዋጋ እንጂ መዝገብ ላይ የሰፈረው የድሮ ዋጋ መያዝ የለበትም። የዚህ ፋብሪካ አክሲዮን ከዓመታት በፊት በ20 ሚሊዮን ተመዝግቦ ቢሆን፣ በዚያ ሒሳብ ማለፊያው ወደ 17.7 በመቶ ይወርዳል፤ የኑጉ ሥራም ሳይገባው ያልፋል። ፋብሪካው ዘይቱን ትቶ የጭነት መኪና ሥራ ልግባ ቢል ደግሞ ሥጋቱ ሌላ ነውና 21.84 አያገለግልም፤ የትራንስፖርት ሥራ የሚጠይቀውን ወጪ አዲስ ማስላት ይኖርበታል።

አክሲዮን ያላችሁ አንባቢዎች፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ቦርዱ አዲስ ፕሮጀክት ሲያቀርብ በስንት በመቶ ተመዝኖ እንዳለፈ ጠይቁ። የተሰጣችሁ መልስ የባንኩ ወለድ ብቻ ከሆነ የእናንተ ገንዘብ በነፃ ተቆጥሯል ማለት ነውና ስሌቱ ተስተካክሎ እስኪመጣ ድምፃችሁን አትስጡ።