READY ብሎ ዝም ያለ መኪና

ፕሪየስ ሲነሳ ድምፅ ላይሰማ ይችላል፤ ዳሽቦርዱ ላይ READY የሚል ጽሑፍ ይበራል፣ በቃ። የቤንዚን መኪና የለመደ ሰው «ገና አልተነሳም» ይላል። መኪናው ግን ነዳጅ መስጫውን ቢረግጡት ይሄዳል፤ ሞተሩም በፈለገው ሰዓት በራሱ ይነሳል። ስለዚህ READY እየበራ ኮፈን ከፍቶ እጅ መስደድ አደገኛ ነው።

ጽሑፉ እንዲበራ መጀመሪያ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ኮምፒውተሩን ትቀሰቅሳለች። እሱ ፈትሾ ሲያበቃ ትልልቅ ሪሌዎችን ይዘጋና ከ2010 እስከ 2015 በተሠሩት ፕሪየሶች የ201.6 ቮልቱን ባትሪ ከብርቱካናማዎቹ ገመዶች ጋር ያገናኛል። (ትንሿ ከደከመች READY አይመጣም፤ ብዙ ሰው ግን ውዱ ባትሪ የሞተ መስሎት ይደነግጣል።)

በ12 ቮልቱ መስመር የመኪናው ቦዲ እንደ ነጌቲቭ ገመድ ያገለግላል። በከፍተኛው ቮልቴጅ ግን ፖዘቲቩም ነጌቲቩም በብርቱካናማ ገመድ ይሄዳሉ፣ ቦዲውን አይነኩም። ኮምፒውተሩ ይህን መለያየት ይከታተላል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ቦዲው መስረግ ከጀመረ የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል፣ P0AA6 የሚል ኮድም ይመዘግባል። መኪናው እንደ ድሮው ሊሄድ ይችላል፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። አንድ ቦታ ብቻ ሲሰርግ መመለሻ መንገድ ስለሌለው ማንንም አይነዝርም። ነገር ግን ቦዲው ከወረዳው አንድ ጫፍ ጋር ተያይዟል። አንድ እጁን ቦዲው ላይ አሳርፎ በሌላው የተቃራኒውን ጫፍ የነካ መካኒክ ወረዳውን በራሱ ገላ ይዘጋዋል።

ስርገቱ ካልተጠበቀ ቦታ ሊመጣ ይችላል። ኤሲ አልቀዘቅዝ አለ እንበል፤ ሠራተኛው ጋዝ ሲሞላ ለሌሎች መኪኖች የሚጠቀምበትን ፒኤጂ ዘይት ጨመረ። የፕሪየስ ኮምፕረሰር በኤሌክትሪክ ይዞራል፤ የሞተሩ ሽቦ የተቀመጠው ደግሞ ዘይቱና ጋዙ በሚያልፉበት ክፍል ውስጥ ነው። ቶዮታ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈውን ND-OIL 11 የሚያዘው ለዚህ ነው። የተሳሳተው ዘይት መከለያውን ያደክማል፤ ቆይቶ መብራቱ ይበራል። P0AA6 ሥር 611 የሚል ዝርዝር ቁጥር ከተገኘ ፍለጋው ወደ ኤሲው ይጠቁማል። ባለቤቱ «ኤሲና ባትሪ ምን አገናኛቸው?» ብሎ ቢከራከር አይፈረድበትም።

መኪናውን ማጥፋት ብቻውን ብርቱካናማውን ገመድ ለመክፈት አይበቃም፤ ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። ባለሙያው ለዚህ ቮልቴጅ የተሠራ ጓንት አድርጎ የአገልግሎት መሰኪያውን ይነቅላል፣ 10 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ከዚያም ዜሮ መሆኑን በመለኪያ ያያል። መሰኪያው ባትሪውን ለሁለት ይቆርጠዋል እንጂ ባዶ አያደርገውም፤ በየግማሹ ያለው ኃይል እዚያው ነው። የተላጠ ብርቱካናማ ገመድም በቴፕ አይጠቀለልም፣ ሙሉው ይቀየራል።