ያልተጻፈው የእስር ቤት ሕግ ከየት መጣ?

በአሜሪካ እስር ቤቶች አንድ አዲስ ገቢ ከእስር ቤቱ መመሪያ በፊት የሚማረው ሌላ ሕግ አለ። ጓደኛህን ለጠባቂ አትጠቁም፣ በሰው ጉዳይ አትግባ፣ ዕዳህን ክፈል፣ ሲመቱህ አትለማመጥ፣ ዩኒፎርም የለበሰን አትመን ይላል። ጆሮ ጠቢ ሆኖ መገኘት የሚያስከትለውን ሁሉም ያውቀዋል። ይህን ሕግ ማን አወጣው በሚለው ጥያቄ ላይ ምሁራን ከስድሳ ዓመት በላይ ተከራክረዋል።

የመጀመሪያውን ትልቅ መልስ የሰጠው ግሬሻም ሳይክስ ነው። ትሬንተን የሚገኘውን የኒው ጀርሲ ግዛት እስር ቤት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ፣ እስረኛው አምስት ነገሮችን እንደሚያጣ ይዘረዝራል፤ ነፃነቱን፣ ንብረትና አገልግሎትን፣ ከሴት ጋር መኖርን፣ በራሱ ላይ ማዘዝንና ደኅንነትን። ሕጉ የተወለደው ከዚህ እጦት ነው አለ። ሁሉም የጎደለበት ሰው ቢያንስ በእኩዮቹ ፊት ክብሩን ይዞ እንዲቆይ፣ እርስ በርስ መበላላቱም እንዲቀንስ ሕጉ ያግዘዋል። (በእኛ አገር ቤተሰብ ለእስረኛው ስንቅ እያመላለሰ ስለሚደርስለት፣ የእጦቱ ዝርዝር እዚህ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።)

ከዝርዝሩ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ሳይክስ ስለ ጠባቂዎቹ የጻፈው ነው። በወረቀት ላይ ጠባቂው ሁሉን ቻይ ነው። ነገር ግን ጥቂት ሰዎች ብዙ መቶ እስረኞችን ቀኑን ሙሉ በዱላ ማሠራት አይችሉም፤ ቀድሞውንም የታሰረን ሰው በምን ያስፈራሩታል? ስለዚህ ጠባቂው ትንንሽ ጥፋቶችን እያየ እንዳላየ ያልፋል፤ ተሰሚነት ያላቸው እስረኞች ደግሞ ግቢውን ጸጥ አድርገው ይይዙለታል። አስተዳደሩ ደንቡን አጥብቆ ይህን ስውር ስምምነት ሲያፈርስ፣ ሰላም ያስከብሩ የነበሩት ሰዎች ጥቅማቸውንም ተሰሚነታቸውንም ያጣሉ። ሳይክስ እ.ኤ.አ. በ1952 ትሬንተን ላይ የተነሣውን አመፅ የተረዳው በዚህ መንገድ ነው።

ተቃውሞው የመጣው እስር ቤትን ከውስጥ ከሚያውቅ ሰው ነበር። ጆን ኧርዊን በመሣሪያ በተደገፈ ዝርፊያ ተፈርዶበት ካሊፎርኒያ ውስጥ ሶሌዳድ በተባለው እስር ቤት አምስት ዓመት ታስሯል፤ ከወጣ በኋላ ተምሮ የሶሲዮሎጂ ምሁር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከዶናልድ ክሬሲ ጋር ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው እስር ቤት ሲገባ ባዶ ሆኖ አይገባም ሲል ተከራከረ። ሙያው ሌብነት የሆነ ሰው አትጠቁም የሚለውን ሕግ የተማረው ከመታሰሩ በፊት፣ ከሌቦች መሃል ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በየማረሚያ ቤቱ ያደገው ደግሞ የሚሻኮተው ለእስር ቤት ውስጥ ሥልጣንና ለቅንጦት ዕቃ ነው። ድንገት አጥፍቶ የገባው ሰላማዊ ሰው ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። ሦስቱም በአንድ ግቢ፣ በአንድ እጦት ይኖራሉ፤ አኗኗራቸው ግን ይለያያል። እጦቱ ብቻ ምክንያት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተለያዩ ነበር።

እንደ እኔ ግን ሁለቱም ማብራሪያዎች ካሊፎርኒያ ላይ ይቸገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የግዛቲቱ እስረኞች ወደ 20 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከ170 ሺህ በለጡ። የቀድሞው ሕግ የሚሠራው ሰው በሰው ስለሚተዋወቅ፣ ያጠፋውም ስሙ ስለሚከተለው ነበር። ማንም ማንንም በማያውቅበት ግቢ ስም ዋጋ የለውም። ዴቪድ ስካርቤክ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ክፍተቱን የሞሉት በዘርና በትውልድ አካባቢ የተደራጁ ጋንጎች ናቸው። አዲስ ገቢው በምን እንደተፈረደበት የሚያሳይ ወረቀቱን ለራሱ ወገን ያሳያል፤ የጠቆመ ወይም ሕፃን የደፈረ ከሆነ ይለያል። በአደንዛዥ ዕፅ ዕዳ ገብቶ መክፈል ካቃተው አበዳሪው የሚጠይቀው የባለዕዳውን ቡድን ነው። ቡድኑ ወይ ይከፍልለታል ወይ ራሱ ይቀጣዋል። ስለዚህ አበዳሪው የማያውቀውን ሰው አምኖ ማበደር ይችላል።

እጦት ሕግ የማስፈለጉን ምክንያት ያስረዳል። የሕጉ ይዘት ከውጭ የሚመጣ መሆኑም እውነት ነው። ሕጉን የሚያስከብረው ማን እንደሆነ የሚወስነው ግን የእስረኛው ብዛት ነው፤ ይህን ሦስተኛ ነገር ሁለቱም ማብራሪያዎች በቅጡ አላዩትም።

ደግሞ የእስር ቤቱ ተጽዕኖ ከውስጥ ወደ ውጭም ይፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ1957 ካሊፎርኒያ እስር ቤት ውስጥ የተመሠረተው የሜክሲኮ ማፊያ የተባለው ጋንግ፣ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ መታሰራቸው የማይቀረውን የደቡብ ካሊፎርኒያ የሰፈር ወሮበሎች ግብር ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ይኸው ጋንግ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሰፈር ጋንግ አባላትን ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ኤሊዥያን ፓርክ ሰብስቦ፣ ከመኪና ላይ ሆኖ መተኮስ እንዲቆም ትእዛዝ አስተላልፏል።