የኤል ቅርጽ ወለል ለምን ሁለት ጊዜ ይከፈላል?

ሳሎኑና የመመገቢያው ቦታ ግድግዳ ሳይለያቸው በተያያዙበት ቤት፣ ወለሉ ብዙ ጊዜ የኤል ቅርጽ ይይዛል። ሴራሚክ ሊነጠፍበት ስንት ካሬ ሜትር እንደሚሆን ሲፈለግ፣ ከትምህርት ቤት የምናውቀው «ርዝመት ሲባዛ በወርድ» እዚህ ላይ ግራ ያጋባል። ቅርጹ ስድስት ጎን አለው፤ ሦስቱ በአንድ አቅጣጫ፣ ሦስቱ በሌላው ይሄዳሉ፤ የትኛው ርዝመት፣ የትኛው ወርድ እንደሆነ የሚናገር የለም። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ቅርጹን ስፋታቸውን ማስላት ወደምንችላቸው አራት ማዕዘኖች መክፈልና የየራሳቸውን ስፋት መደመር። ተማሪዎች ይህን ተምረው ያልፋሉ፤ አንድ ጊዜ ከፍለው፣ ደምረው፣ መልሱን አስምረውበት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሻገራሉ። የዘዴው ትልቁ ጥቅም ግን የሚገኘው ያው ቅርጽ በሌላ መንገድ ዳግመኛ ሲከፈል ነው ባይ ነኝ።

አንድ ወለል እንውሰድ። የታችኛው ጎን 9 ሜትር፣ የግራው 7 ሜትር ነው። ከታች በቀኝ በኩል ሽቅብ 3 ሜትር ሄደን ወደ ግራ እንታጠፋለን፤ 5 ሜትር ገብተን እንደገና ወደ ላይ 4 ሜትር እንወጣለን፤ ከዚያ 4 ሜትር በሆነው የላይኛው ጎን ወደ ግራው ግድግዳ እንደርሳለን። ከውስጠኛው ጥግ ቁልቁል መስመር ብናወርድ፣ በግራ 4 በ7 የሆነ፣ በቀኝ 5 በ3 የሆነ አራት ማዕዘን እናገኛለን፤ 28 እና 15፣ ድምሩ 43 ካሬ ሜትር። ከዚያው ጥግ መስመሩን ወደ ጎን ብንስብ ደግሞ ከታች 9 በ3፣ ከላይ 4 በ4 ይወጣል፤ 27 እና 16፣ አሁንም 43። ክፍሎቹ ሌላ፣ የተባዙት ቁጥሮችም ሌላ ናቸው፤ ወለሉ ግን ያው ስለሆነ ድምሩ አልተለወጠም። ስፋት ይህ ጠባይ አለው፦ ቅርጹ ሳይደራረብና ክፍተት ሳይተው እስከተከፈለ ድረስ፣ በየትም በኩል ይቆረጥ ድምሩ አንድ ነው።

«ሳይደራረብ» የሚለው ቃል በቀላሉ መታለፍ የለበትም፤ በዚህ ዓይነት ሒሳብ በብዛት የሚታየው ስህተት የሚመጣው ከዚያ ነው። ሁለቱን ክንዶች በሙሉ ርዝመታቸው የሚያይ ሰው የቆመውን 7 በ4፣ የተኛውን 9 በ3 ብሎ ይወስድና 28ን ከ27 ጋር ደምሮ 55 ይላል። ሁለቱም ብዜቶች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ክንዶቹ የሚገናኙበት 4 በ3 የሆነው ጥግ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ከ55 ላይ ያንን 12 ስንቀንስ 43 ይመጣል። መልሱን ብቻ ያየ ሰው 55 ስህተት መሆኑን ማወቂያ የለውም፤ ቁጥሩ ለክፍሉ የማይመስል አይደለም፣ የሚቀርበትም የ12 ካሬ ሜትር ሴራሚክ ዋጋ ነው። በሌላ መንገድ ከፍሎ 43 ያገኘ ሰው ግን ቆም ብሎ ምክንያቱን ለመፈለግ ይገደዳል።

አንዳንዱ ይህን ሁሉ ከመቁረጥ ይልቅ ትልቁን አራት ማዕዘን ወስዶ የጎደለውን መቀነስ ይቀላል ይላል። 9 በ7 የሆነው ሙሉ ቅርጽ 63 ነው፤ በጥጉ የጎደለው 5 በ4 ደግሞ 20፤ ልዩነቱ 43። ልክ ነው፤ መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ ላለው ቅርጽ እንዲያውም ይህ መንገድ ይሻላል። ቢሆንም የመደመሩን መንገድ አይሽርም፤ ሦስተኛ ማረጋገጫ ይሆነዋል እንጂ። ዙሪያውን ለክቶ ከዚያ ስፋቱን ለመገመት መሞከር ግን ከንቱ ነው። የዚህ ወለል ዙሪያ 32 ሜትር ነው፤ ጥጉ ያልጎደለው የ9 በ7 አራት ማዕዘን ዙሪያም ያው 32 ነው፤ ስፋታቸው ግን በ20 ካሬ ሜትር ይለያያል። ዙሪያ የሚጠቅመው በግድግዳው ግርጌ ለሚዞረው ዞኮሎ ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ሁለቱም አከፋፈሎች የሚነሱት ከአንድ ልኬት ነውና፣ ሜትሩ በስህተት ቢነበብ ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉ ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በአንድ ሁኔታ ብቻ። የግራው ግድግዳ 7 መሆኑ ቀርቶ 7.4 ተብሎ ቢጻፍ፣ የውስጠኛውንም ከፍታ ሳንለካ ከ7.4 ላይ 3 ቀንሰን 4.4 ብንል፣ በቁልቁሉ መስመር 29.6 እና 15፣ በአግድሙ 27 እና 17.6 ይመጣል፤ ሁለቱም 44.6 ይሆናሉ። ሁለት መንገድ በስህተት ተስማማ ማለት ነው። የውስጠኛው ጎን ለብቻው ተለክቶ 4 ሜትር ሆኖ ቢሆን ኖሮ አንዱ 44.6፣ ሌላው 43 ይሰጥ ነበር። ስለዚህ መማሪያ መጻሕፍት «ያልተሰጠውን ጎን ፈልግ» እያሉ የሚያለማምዱት መቀነስ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ቤት ውስጥ ግን ስድስቱንም ጎኖች መለካት ይሻላል። መቀነሱ ልኬቱን መፈተሻ ይሁን፦ 3 እና 4 ተደምረው 7፣ 5 እና 4 ተደምረው 9 ካልሰጡ አንዱ ንባብ ተበላሽቷል።

ይህም ሆኖ ስድስቱ ጎኖች የማይናገሩት አንድ ነገር አለ፤ ጥጎቹ ስኳድራ መሆናቸውን። ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት አድርጎ በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት መለካት ይበቃል፤ 5 ሜትር ከሆነ ጥጉ ቀጥ ያለ ነው። ትንሽ መዛነፍ ስፋቱን ያን ያህል አይጎዳውም። የ4 በ7 ክንድ ግድግዳዎች በ5 ዲግሪ ቢያዘነብሉ ያ ርቀት ወደ 4.79 ሜትር ይወርዳል፣ ስፋቱ ግን ከ28 ወደ 27.9 ገደማ ብቻ ነው የሚቀንሰው። የሚቸገረው ጥግ ላይ ሴራሚክ የሚቆርጠው ባለሙያ ነው። ዝንባሌው 30 ዲግሪ ሲደርስ፣ በመሬት ይዞታ ላይ እንደሚያጋጥመው፣ ያው ክንድ ወደ 24 ካሬ ሜትር ይወርዳል። በግብፅ የኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ በተቀረጸው የመሬት መዝገብ፣ የአንድ ማሳ ስፋት የተቃራኒ ጎኖችን አማካይ ከሌሎቹ ሁለት ጎኖች አማካይ ጋር በማባዛት ይሰላ ነበር። ይህ ቀመር ልክ የሚሆነው ለቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ነው፤ ለማንኛውም የተዛባ ማሳ ከእውነተኛው ስፋት በላይ ይሰጣል።

ጥጎቹ ሲዛቡ የሚያዋጣው ወደ ሦስት ማዕዘን መክፈል ነው፤ የሦስት ማዕዘን ሦስት ጎኖች ከታወቁ ስፋቱ ሌላ ምንም ሳይለካ ይወሰናል። ስድስት ጎን ያለው ቅርጽ አራት ሦስት ማዕዘን ይሆናል። መስመሮቹ ከየትኛውም ጥግ ቢነሱ ግን አይሆንም፤ በቀኝ በኩል ካለው ጥግ በቀጥታ ወደ ላይኛው ጥግ የተሳበ መስመር ከወለሉ ወጥቶ በጎደለው ቦታ ያልፋል። ወደ ውስጥ ከገባው ጥግ የሚነሱት ሦስቱ መስመሮች፣ ወደ ታችኛው ቀኝ፣ ወደ ታችኛው ግራና ወደ ላይኛው ግራ ጥግ፣ ሁሉም በወለሉ ውስጥ ይቀራሉ። በእኛ ወለል ላይ እነዚህ መስመሮች 7.5፣ 13.5፣ 14 እና 8 ካሬ ሜትር የሆኑ አራት ሦስት ማዕዘኖችን ይሠራሉ፤ ድምራቸውም 43 ነው።